ሦስት ከተማ፣ አንድ ሳምንት፦ የሥራ ሰዓታቸው የማይገጥም ከተሞችን ይዞ ሳምንትን ማቀድ

«ሐሙስ ከሰዓት ላክሁት። እስከ ሰኞ ድረስ ማንም አልነካውም። ምን ሆኖ ነው?»

ይህ ጥያቄ ቶሎ ቶሎ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ይለያያሉ። አንዱ ውል እያስፈረመ ነው፤ ሌላዋ ሰነድ እያስመሰከረች ነው፤ ሌላው ክፍያ እየጠበቀ ነው። መልሱ ግን አንድ ነው። ወረቀቱ አልጠፋም፤ ሰውየውም አልረሳም። ወረቀቱ ከአንዱ ከተማ የእረፍት ቀን ሲወጣ ሌላው ከተማ የእረፍት ቀን ላይ ወድቆ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ከአንድ በላይ ከተማ ጋር ለምትሠሩ ነው። እንደ ምሳሌ ሦስት ከተሞችን ይዤ እሄዳለሁ፦ ሪያድ፣ ዱባይና ማድሪድ። የመረጥኳቸው የእረፍት ቀናቸውም የምሳ ሰዓታቸውም ስለሚለያይ ነው። በእነሱ ላይ አሠራሩን ከያዛችሁ ለሌላ ከተማም ያው ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ላስታውስ። እዚህ ያሉትን ሰዓቶች የጻፍኩት ስልክ ላይ እንደሚታዩት ነው። 9:00 ማለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ 14:00 ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት። የወር ስሞችንም በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ወይም የኤክሴል ገጽ። በስልክ ካላንደር ብቻ አትሞክሩት፤ ሦስቱን ከተሞች ጎን ለጎን ማየት አለባችሁ።
- እርሳስና ላጲስ። መጀመሪያ የምትጽፉት ሰዓት ብዙ ጊዜ ይታረማል።
- የዓለም ሰዓት የሚያሳይ ስልክ፣ ሦስቱ ከተሞች የገቡበት። ኮምፒውተር ላይ ሲሆን የሚመረጡት ስሞች Asia/Riyadh፣ Asia/Dubai እና Europe/Madrid ናቸው።
- የየከተማው የዓመቱ የበዓላት ዝርዝር። የአገሩ ብቻ አይበቃም፤ የከተማው ራሱ ያስፈልጋል። ምክንያቱን ደረጃ 6 ላይ ታገኙታላችሁ።
- በየከተማው ስልክ የሚያነሳላችሁ አንድ ሰው። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ደረጃ 1፦ ወረቀቱ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ጻፉ

ከሰዓት በፊት ሰው ይቀድማል። ሥራው ከማን ተነስቶ ወደ ማን እንደሚሄድ በአንድ መስመር አስቀምጡ። ለምሳሌ፦ ሪያድ ያለው ሥራ አስኪያጅ ይፈርማል፤ ዱባይ ያለው ቢሮ ማሕተም ያደርጋል፤ ማድሪድ ያለው ደንበኛ ተቀብሎ ለባንኩ ያስገባል። ሦስት ከተማ፣ አራት እጅ።

ባንኩን ለብቻው የቆጠርኩት አውቄ ነው። ደንበኛው እስከ ምሽት ቢሮ ሊቆይ ይችላል። የባንኩ መስኮት ግን ከእሱ ቀድሞ ይዘጋል። ብዙ ሰው ከተማውን ይቆጥርና በከተማው ውስጥ ያሉትን ሁለት የተለያዩ በሮች ይረሳል። ከዚያ «ማድሪድ እኮ ክፍት ነበር» ይላል። ከተማው ክፍት ነው፤ የፈለገው መስኮት ግን ዝግ ነው።

ደረጃ 2፦ የየከተማውን የእረፍት ቀን ለይታችሁ አስቀምጡ

ሦስት ዓምድ ሥሩ፤ ሰባቱን ቀናት ወደ ታች ጻፉ። ከዚያ ክፍትና ዝግ የሆነውን ምልክት አድርጉ። በምሳሌያችን የሚወጣው ይህ ነው፦

| ቀን | ሪያድ | ዱባይ | ማድሪድ |
|---|---|---|---|
| እሁድ | ክፍት | ዝግ | ዝግ |
| ሰኞ እስከ ሐሙስ | ክፍት | ክፍት | ክፍት |
| አርብ | ዝግ | እስከ እኩለ ቀን | ክፍት፣ ከምሳ በኋላ ግን የሳሳ |
| ቅዳሜ | ዝግ | ዝግ | ቢሮ ዝግ፣ ሱቅ ክፍት |

በሪያድ ሳምንቱ የሚጀምረው እሁድ ነው፤ እረፍቱ አርብና ቅዳሜ ነው። በዱባይ የመንግሥት ቢሮዎች ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ቅዳሜና እሁድ ያርፋሉ፤ አርብ ደግሞ ለጁምዓ ሶላት ሲባል ግማሽ ቀን ብቻ ይሠራሉ። ብዙ የግል ድርጅቶችም ይህንኑ ይከተላሉ፤ የአርቡን ግማሽ ቀን ግን ሁሉም አይሰጥም። ስለዚህ ዱባይን በተመለከተ ከዚያ ዓመት በፊት የተጻፈ መረጃ ካገኛችሁ አትጠቀሙበት። እረፍቱን አርብና ቅዳሜ ነው ይላችኋል።

ጥንቃቄ፦ የእረፍት ቀንን በአገር ወይም በአካባቢ አትገምቱ። ሻርጃ ከዱባይ ጋር የተያያዘች ከተማ ናት፤ ቤታቸው ሻርጃ ሆኖ ዱባይ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሆኖም የሻርጃ የመንግሥት ቢሮዎች አርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ሦስቱንም ቀን ያርፋሉ። አርብ ጠዋት ዱባይ ክፍት ያገኛችሁት ዓይነት ቢሮ ሻርጃ ላይ ዝግ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ማሌዥያም እንዲሁ ናት። ኩዋላ ሉምፑር ቅዳሜና እሁድ ስታርፍ በዚያው አገር ያለችው የክላንታን ግዛት አርብና ቅዳሜ ታርፋለች። ጥያቄያችሁ ሁልጊዜ «በዚህ ከተማ፣ ይህ ቢሮ፣ የትኛው ቀን ዝግ ነው?» ይሁን።

ደረጃ 3፦ ለእያንዳንዱ በር ሦስት ሰዓት ጠይቁ

በሩ ላይ የተለጠፈው ሰዓት አንዱ ብቻ ነው። የሚያስፈልጓችሁ ሦስት ናቸው፦

1. በሩ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት።
2. የምትፈልጉት ሰው ለምሳ የሚወጣበትና የሚመለስበት ሰዓት።
3. የዛሬ ሥራ ሆኖ የሚቆጠረው እስከ ስንት ሰዓት የገባው እንደሆነ።

ሦስተኛውን ሰው አይጠይቀውም። ቢሮው እስከ 17:00 ክፍት ሊሆን ይችላል። ከ14:00 በኋላ የገባ ክፍያ ግን የነገ ሆኖ የሚመዘገብበት ባንክ አለ። ይህ ከአርብ ወይም ከሐሙስ ጋር ሲገጣጠም አንድ ሰዓት መዘግየት ሦስት ቀን ይሆናል።

ምሳን በተመለከተ ማድሪድ ላይ ትንሽ መቆየት አለብን፤ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። ማድሪድ ውስጥ ምሳ የሚበላው እኩለ ቀን ላይ አይደለም። ከ14:00 በኋላ ነው። አነስተኛ ሱቆች ከ14:00 እስከ 17:00 ዘግተው እስከ ምሽት 20:30 አካባቢ ይሠራሉ። ትልልቆቹ የገበያ አዳራሾች ግን አይዘጉም። በቢሮ ብዙ ሰው 14:00 ላይ ተነስቶ እስከ 16:00 ባለው ውስጥ ይመለሳል። የባንክ ቅርንጫፎችና የመንግሥት አገልግሎት መስኮቶች ደግሞ በአብዛኛው 14:00 አካባቢ ደንበኛ ማስተናገድ ያቆማሉ፤ ከሰዓት በኋላ አይመለሱም። ሱቁ «ለምሳ ተዘጋ» ማለት ተመልሶ ይከፈታል ነው። መስኮቱ ግን ሲዘጋ ለዕለቱ አበቃ።

ይህን ልዩነት እኔ በር ላይ ቆሜ ነው የተማርኩት። ማድሪድ ውስጥ አንድ ባንክ ስደርስ 14:10 ነበር። «ምሳ ላይ ናቸው» ብዬ ፊት ለፊት ያለ ቡና ቤት ገባሁና እስከ 17:00 ጠበቅሁ። ስመለስ መብራቱ ጠፍቷል። ውስጥ ሲያጸዳ የነበረ ሰው በመስታወቱ በኩል በጣቱ ወደተለጠፈው ወረቀት ጠቆመኝ፦ 8:30–14:00። ወረቀቱ ጠዋትም እዚያው ነበር። ዕለቱ አርብ ስለነበር ሥራዬ ሰኞ ሆነ።

ሪያድ ላይ ደግሞ ምሳና ሶላት ይገናኛሉ። የዙህር ሶላት እኩለ ቀን አካባቢ ስለሚሆን ብዙ ቢሮዎች ከ12:00 እስከ 13:00 ባለው ጊዜ ሰው ከጠረጴዛው ይነሳል። የሶላቱ ሰዓት ከፀሐይ ጋር ስለሚሄድ በዓመቱ ውስጥ በደቂቃዎች ወዲያና ወዲህ ይላል። ለአንድ ስልክ ጥሪ ብላችሁ ይህን ሰዓት አትንኩት። ዱባይ ላይ 13:00 እስከ 14:00 ብላችሁ ያዙ።

ደረጃ 4፦ ሁሉንም ወደ አንድ ሰዓት መልሱ

አሁን አንዱን ከተማ መለኪያ አድርጉ። የየትኛውም ይሁን፤ ብቻ አንድ ይሁን። እኔ ሪያድን እወስዳለሁ። ዱባይ ከሪያድ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ማድሪድ ደግሞ በክረምቷ፣ ማለትም ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ማርች መጨረሻ፣ በሁለት ሰዓት፤ በበጋዋ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች።

በማድሪድ የክረምት ሰዓት ያለውን እናስላ። ሪያድ ከ8:00 እስከ 17:00 ትሠራለች፤ 12:00–13:00 እረፍት ነው። ዱባይ ከ9:00 እስከ 18:00 ብትሠራ በሪያድ ሰዓት 8:00–17:00 ይሆናል። የዱባይ ምሳም በሪያድ ሰዓት 12:00–13:00 ላይ ይወድቃል። ሁለቱ ምሳዎች ተደራረቡ ማለት ነው። ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ የሚባክነው አንድ ሰዓት ብቻ ይሆናል።

ማድሪድ ከ9:00 እስከ 14:00 ያለው በሪያድ ሰዓት 11:00–16:00 ነው። ከምሳ በኋላ 16:00 ላይ ሲመለሱ ሪያድ 18:00 ሆኗል፤ ሰው ቤቱ ገብቷል። ስለዚህ የማድሪድ ከሰዓት ለእናንተ የለም ብላችሁ ሰርዙት።

ይህን የምታደርጉት በጭንቅላት እያሰላችሁ እንዳትሄዱ ነው። ሦስት ከተማ በቃል የያዘ ሰው ከሁለት ቀን በኋላ አንዷን ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ይቀንሳታል።

ደረጃ 5፦ ሦስቱም የሚገናኙበትን አጥቁሩ

ከደረጃ 2 ቀናቱን፣ ከደረጃ 4 ሰዓቱን ውሰዱ። ሦስቱም ክፍት የሆኑበትን በእርሳስ አጥቁሩ። የሚቀረው ይህ ነው፦ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ በሪያድ ሰዓት 11:00–12:00 እና 13:00–16:00። በቀን አራት ሰዓት፣ በሳምንት አሥራ ስድስት። ሳምንቱ ሰባት ቀን ቢመስልም ሦስቱም ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚገኙት በዚህ ውስጥ ብቻ ነው።

ስብሰባ፣ የሦስትዮሽ ስልክ፣ «አሁን ላኩልኝ፣ አሁን ልመልስላችሁ» የሚባል ሥራ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይግባ። ሌላውን ሥራ ግን እዚህ አታባክኑት። ሪያድ ብቻዋን የምትሠራበት እሁድ የሪያድን ሰነድ ለማዘጋጀት ነው። ማድሪድ ብቻዋን የምትሠራበት የአርብ ጠዋት ከማድሪድ ሰዎች ጋር ረቂቅ ለማንበብ ነው።

አርብን ለብቻው ተመልከቱት፤ አታላይ ቀን ነው። ዱባይም ማድሪድም ክፍት ናቸው ተብሎ ይታሰባል። ግን አስሉት። የዱባይ ፌዴራል ቢሮዎች አርብ 12:00 ላይ ይዘጋሉ። ያ ሰዓት በማድሪድ የክረምት ሰዓት 9:00 ነው። አንዷ ስትዘጋ ሌላዋ ትከፈታለች፤ የሚገናኙበት አንድ ደቂቃ እንኳ የለም። በማድሪድ የበጋ ሰዓት አንድ ሰዓት ብቻ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ከዱባይ መንግሥት ቢሮ ማድሪድ የሚደርስ ነገር ካለ ሐሙስን የመጨረሻ ቀን አድርጉት።

ደረጃ 6፦ ያቀዳችሁት ሳምንት ተራ ሳምንት መሆኑን አረጋግጡ

እስካሁን የሠራችሁት ሠንጠረዥ ለተራ ሳምንት ነው። ከመጠቀማችሁ በፊት አራት ነገር አጣሩ።

*የከተማ በዓል።* ስፔን ውስጥ በዓመት እስከ 14 የሚደርሱ የሥራ በዓላት አሉ፤ ከእነሱ ሁለቱን የሚወስነው ከተማው ነው። ማድሪድ ሜይ 15 ታከብራለች። ባርሴሎና በዚያ ቀን ሥራ ላይ ናት፤ የራሷን ሴፕቴምበር 24 ታከብራለች። የአገሩን ዝርዝር ብቻ ያየ ሰው ይህን አያገኘውም። በዓሉ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ላይ ከዋለ ደግሞ ብዙ ሰው መሐል ያለችውን ሰኞ ወይም አርብ እረፍት ወስዶ አራት ቀን ያያይዛል። ስፔኖች «ፑዌንቴ» ይሉታል፤ ድልድይ ማለት ነው። ቢሮው ክፍት ነው፤ የምትፈልጉት ሰው ግን የለም።

*የሰዓት ለውጥ።* ማድሪድ በማርች የመጨረሻ እሁድ ሰዓቷን አንድ ወደፊት ታደርጋለች፤ በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ትመልሳለች። ሪያድና ዱባይ አይነኩትም። ስለዚህ በማርች መጨረሻ የጋራ ሰዓታችሁ ወደ 10:00–12:00 እና 13:00–15:00 ይዞራል። ብዛቱ ያው አራት ሰዓት ነው፤ ቦታው ግን ተቀይሯል። በየሳምንቱ ሰኞ የሚደጋገም ቀጠሮ ያላችሁ ሰዎች የምትሰበሩት በዚህ ሳምንት ነው። በሪያድ ሰዓት 15:30 ላይ የያዛችሁት ስልክ በማድሪድ ከ13:30 ወደ 14:30 ይሄዳል፤ ምሳ ላይ ይወድቃል።

*ረመዳን።* በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን ቀደም እያለ ስለሚመጣ ያለፈውን ዓመት ዕቅድ አትገልብጡ። የሪያድ መንግሥት ቢሮዎች በረመዳን በአብዛኛው ከ10:00 እስከ 15:00 ነው የሚሠሩት። የዱባይ ፌዴራል ቢሮዎች በቅርብ ዓመታት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ9:00 እስከ 14:30 ሠርተዋል፤ በሪያድ ሰዓት 8:00–13:30 ማለት ነው። በማድሪድ የክረምት ሰዓት ከሆነ ሦስቱ የሚገናኙት ከ11:00 እስከ 13:30 ነው። የሶላቱን ጊዜ ስትቀንሱ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀራል። አራት ሰዓት ግማሽ ሆነ። ስለዚህ በዚያ ወር አንድ ቀን የሚፈጀውን ሥራ ሁለት ቀን ስጡት።

*ኦገስት።* ማድሪድ በበጋ ብዙ ቢሮዎች የምሳውን እረፍት ትተው ከ8:00 እስከ 15:00 በአንድ ትንፋሽ ይሠራሉ። በወረቀት ስታሰሉት የጋራ ሰዓታችሁ ስድስት ይሆናል። ግን ኦገስት ላይ የከተማው ሰው ግማሹ እረፍት የወጣ ይመስላል። ሰዓቱ በዝቶ ሰው ያነሰበት ወር ስለሆነ ከሰዓቱ ይልቅ የሰውየውን የእረፍት ቀን ጠይቁ።

ደረጃ 7፦ የመነሻ ቀኑን ምረጡ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የሪያዱ ፊርማ፣ የዱባዩ ማሕተም፣ ከዚያ የማድሪዱ ደንበኛና ባንኩ። በክረምት ሰዓት ሦስት መነሻ እንሞክር።

ሐሙስ ከሰዓት ብትልኩት። ሪያድ 15:30 ላይ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ሊወጣ ሲል ነው፤ ለእሱ ሐሙስ የሳምንቱ መጨረሻ ነው። አልፈረመም። አርብና ቅዳሜ ሪያድ ዝግ። እሁድ ጠዋት ፈረመ። እሁድ ዱባይ ዝግ። ሰኞ ጠዋት ዱባይ ማሕተም አደረገች። ማድሪድ ሰኞ 9:00 ላይ ተቀበለች፤ ከ14:00 በፊት ባንክ ገባ። አራት ቀን።

እሁድ ጠዋት ብትልኩት። ሪያድ እሁድ ፈረመች። ዱባይ ሰኞ ጠዋት። ማድሪድ ሰኞ። ሐሙስ ከላካችሁት ጋር በተመሳሳይ ቀን አለቀ።

ሰኞ ጠዋት ብትልኩት። ሪያድ 8:30 ላይ አየው፤ 9:30 ፈረመ። ያ በዱባይ 10:30 ነው፤ እስከ 12:30 ማሕተሙ አለ። ያ ደግሞ በማድሪድ 9:30 ነው። ደንበኛው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ወረቀቱ ደርሷል፤ ባንኩ ሊዘጋ አራት ሰዓት ተኩል ይቀረዋል። በአንድ ቀን አለቀ፤ ያውም በዚያው ሰኞ።

ሐሙስ መሯሯጡ ምንም አላተረፈም። ሰው ሳያስፈልግ ሐሙስ ማታ ያስጨንቃል፣ ይደውላል፣ ይለምናል። ወረቀቱ የሚያልቀው ሰኞ ከሆነ ሐሙስን ረቂቁን በማረም አሳልፉት።

የሰኞው ዕቅድ የሠራው ወረቀቱ በምሥራቅ ካሉት ሁለቱ ከተሞች ተነስቶ በምዕራብ ወዳለችው ማድሪድ ስለሄደ ነው። ሪያድና ዱባይ ጠዋት ሲጨርሱ ማድሪድ ገና መክፈቷ ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት እስቲ። ማድሪድ 9:00 ላይ ጀምራ አንድ ሰዓት ብትፈጅ ሪያድ 12:00 ሆኗል፤ ሰው ተነስቷል። 13:00 ይመለሳሉ፤ 14:00 ፈረሙ። ዱባይ 15:00 ሆኗል። መስኮቱ ክፍት ቢሆንም የዕለቱ መቀበያ ሰዓት ካለፈ ለማክሰኞ ያድራል። ቅደም ተከተሉን የመምረጥ ዕድል ካላችሁ ፀሐይ ከምትወጣበት ጀምሩ። ዕድሉ ከሌላችሁ ሁለት ቀን ያዙ፤ አንድ ቀን ነው ብላችሁ ለማንም ቃል አትግቡ።

ደረጃ 8፦ ቀጠሮውን ሲጽፉ ከተማውን አብራችሁ ጻፉ

መልእክታችሁ እንዲህ ይሁን፦ «ሰኞ፣ በሪያድ 13:30፣ በዱባይ 14:30፣ በማድሪድ 11:30።» ቀኑን በስሙም በቁጥሩም ጻፉ። ሦስቱንም ሰዓት መጻፍ አሰልቺ ይመስላል። ጥቅሙ ግን አንዱ ስህተት ከሆነ የዚያ ከተማ ሰው ወዲያው አይቶ ያርማችኋል። አንድ ሰዓት ብቻ ከጻፋችሁ ሁሉም የራሱን አድርጎ ይወስደዋል።

ለአማርኛ ተናጋሪ የሥራ ባልደረባ በምትጽፉበት ጊዜ የበለጠ ተጠንቀቁ። «ሰኞ 8 ሰዓት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሪያድ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ 8:00 ጠዋት ሊለው ይችላል፤ እናንተ ያሰባችሁት 14:00 ነው። ለዓመታት ውጭ የኖረ ሰው በሁለቱም ያስባል፤ የትኛውን እንደያዘ አታውቁም። በቃል ሲሆን «ከቀኑ» ወይም «ከጠዋቱ» በሉ፤ በጽሑፍ ሲሆን 14:00 ብላችሁ ጨርሱት።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

*«በሳምንቱ መጀመሪያ ላክልኝ» ማለት።* ለሪያድ ሰው የሳምንቱ መጀመሪያ እሁድ ነው፤ ለማድሪድ ሰው ሰኞ። «እስከ ሳምንቱ መጨረሻ» ስትሉም እንዲሁ ነው፦ አንዱ ሐሙስ፣ ሌላው አርብ ይረዳል። የቀኑን ስም ጥሩ።

*«በሁለት የሥራ ቀን ይደርሳል» የሚለውን በራስ ቀን መቁጠር።* ሁለት የሥራ ቀን የማን? ሐሙስ ከሪያድ የወጣ ክፍያ ለሪያድ ሁለተኛው የሥራ ቀን ሰኞ ነው፤ ለማድሪድም ሰኞ ነው፤ የተቆጠሩት ቀናት ግን አንድ አይደሉም። ገንዘቡ በዶላር ከሆነ ደግሞ ያላሰባችሁት አራተኛ ከተማ ይገባል። የዶላር ዝውውር ብዙ ጊዜ ኒውዮርክ ባለ ባንክ በኩል ያልፋል። እሁድ ሪያድ ክፍት ሆና ብትልከውም ኒውዮርክ እሁድ ዝግ ናት፤ ገንዘቡ እስከ ሰኞ ይተኛል። በዩሮ ሲሆንም ትልልቁ የባንኮች የክፍያ ሥርዓት ቅዳሜና እሁድ አይሠራም። የሥራ ቀን ስትቆጥሩ ገንዘቡ የሚያልፍበት ከተማ ሁሉ ክፍት የሆነበትን ቀን ብቻ ቁጠሩ።

*ኢንተርኔት ላይ ያለውን ሰዓት አምኖ መሄድ።* የካርታው መተግበሪያ «ክፍት» ሲል በሩን እንጂ መስኮቱን አያውቅም። በበዓልና በረመዳን ደግሞ ብዙ ጊዜ የተለመደውን ሰዓት ነው የሚያሳየው። ከአንድ ቀን በፊት ደውሉና ይህን ጠይቁ፦ «ነገ እስከ ስንት ሰዓት የገባ ነው ነገውኑ የሚያልቀው?» ይህ አንድ ጥያቄ በሩንም፣ ምሳውንም፣ በዓሉንም ያካትታል፤ ሰውየው ለመመለስ ሦስቱንም ማሰብ ስላለበት።

*ሠንጠረዡን አንዴ ሠርቶ ለዓመት መጠቀም።* በዓመት ቢያንስ አራት ጊዜ አውጥታችሁ አርሙት፦ በማርች መጨረሻ፣ በኦክቶበር መጨረሻ፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እና ጁላይ ላይ ኦገስት ሳይመጣ። ገጹ ጫፍ ላይ ያረማችሁበትን ቀን ጻፉ። ቀን የሌለው ሠንጠረዥ ካገኛችሁ፣ የሥራ ባልደረባችሁ የሰጣችሁም ቢሆን፣ ከደረጃ 2 ጀምራችሁ እንደገና አጣሩት።